በደንብ የማላውቃት ባልደረባዬ የልደት ካርድ ላይ ምን ጻፍኩ

ካርዱ እኔ ጋ የደረሰው ወደ ማምሻው ላይ ነው፣ በፖስታ ተሸፍኖ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ውሎ አስራ ምናምን ሰው ከጻፈበት በኋላ፣ እና የቀረችው ቦታ ታች ጥጉ ላይ ሦስት ጣት የማትሞላ ነገር ናት። ልደቷ የሆነው የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ነች። ስሟን አውቃለሁ፣ በአስር አመት ምናምን እንደምትበልጠኝ እገምታለሁ፣ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ "እንደምን አደሩ" እላታለሁ፣ "ደህና፣ አንተስ?" ትለኛለች፣ በቃ። (አሁን "እሷ" እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ያኔ ግን ለኔ "እሳቸው" ነበሩ፣ ለምን እንደተቀየረ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።) እስክሪብቶዬን ይዤ ካርዱን እያየሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እንደዛ የፈራሁት ከዛ በፊት ሁለቴ ስለተበላሸብኝ ነው፣ ሁለቱም ለየቅል ስለሆኑ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሌላ ክፍል የሚሰራ ሰውዬ ነው። "መልካም ልደት" ብዬ ስሜን ጻፍኩ፣ ሁለት ቃልና ስም። ያኔ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር፣ ስለማላውቀው ሰው ምን ልበል ብዬ። ከዛ በሳምንቱ ለሥራ ጉዳይ ቢሮው ስገባ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቆሟል፣ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ነገር ጽፎለታል፣ የኔ ግን መሀል ላይ ልክ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ እንደተፈረመ ፊርማ ነው የሚመስለው። ለብቻው ቢሆን ኖሮ ምንም አይልም ነበር፣ ከሌሎቹ ጎን ሲሆን ግን "ፈርም ስላሉኝ ፈረምኩ" ነው የሚለው። ሰውዬው ምንም አላለኝም፣ እኔ ነኝ የከፋኝ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ነበረች፣ በሥራ ምክንያት ሁለት ሦስት ጊዜ ያወራኋት፣ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። የቀድሞውን እንዳልደግም ብዬ ኢንተርኔት ላይ የልደት መልእክት ፈልጌ "ውድ እህቴ፣ ሕይወቴን ያደመቅሽ፣ ፈገግታሽ ሁሌም ልቤ ውስጥ ነው" ምናምን የሚል ረጅም ነገር ኮፒ ፔስት አደረግኩና በቴሌግራም በውስጥ መስመር ላኩላት፣ እሱም ማታ፣ መሽቶ። ጠዋት ላይ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ብላ መለሰች። ያቺን "ወንድሜ" ልብ በሉልኝ፣ እስከዛ ቀን ድረስ ወንድሜ ብላኝ አታውቅም፣ በስሜ ነበር የምትጠራኝ። አማርኛ ውስጥ ሰው ሊርቃችሁ ሲፈልግ አይሰድባችሁም፣ አጠራሩን ነው የሚቀይረው፣ ከስም ወደ ወንድሜ፣ ከአንተ ወደ እርስዎ። ከዛ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ስንገናኝ ሰላም ብላኝ ቶሎ ታልፋለች። በመጨረሻ ሰው ባለበት ቦታ "ያን ሜሴጅ ከኢንተርኔት ወስጄው ነው፣ አላስተዋልኩትም፣ ያልተገባ ነገር ከሆነ ይቅርታ" አልኳት፣ "እሺ ችግር የለውም" አለችኝ፣ እውነትም ከዛ በኋላ ቀለል አላት። ምንም ያላጠፋች ልጅን በማላስበው ነገር ስላሳቀቅኳት ግን እስካሁን ይሰማኛል።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሏ ካርድ ሲመጣ ዝም ብዬ ከመጻፍ ረቂቅ ልሞክር ብዬ ወረቀት አወጣሁ፣ አጠገቤ የምትቀመጠውን ባልደረባዬንም እያነበብኩላት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ልመኝላት ሳይሆን ማን ብዬ ልጥራት ነው። ይሄ ነገር በኛ ቋንቋ ማምለጫ የለውም፣ እያንዳንዱ ግስ ጫፉ ላይ አንተ አንቺ ወይ እርስዎ ይላል፣ "አደረሰሽ" ስትሉ ወይ "አደረሰዎት" ስትሉ ሌላው ሁሉ ከመነበቡ በፊት ምን ያህል እንደምትቀራረቡ ተናግራችኋል። እና ብዙ ሰው ሲያከብር እርስዎ ይበል፣ ሲቀርብ አንቺ ይበል ብሎ ያስባል፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ ግን እርስዎም ሁሌ አስተማማኝ አይደለም፣ "አስረጀኸኝ እኮ" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ከልባቸው የሚከፋቸው። የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ ፊት ለፊት ስትገናኙ የምትሉትን ካርዱ ላይም በሉ። ኮሪደር ላይ እርስዎ እያልኩ ካርድ ላይ አንቺ ብላት በአንድ ቀን ዘመድ ሆንኩ ማለት ነው፣ ኮሪደር ላይ አንቺ የምላትን ሴት ካርድ ላይ እርስዎ ብላት ደግሞ ምን ሆነ ትላለች፣ የተቀየምኳት ነው የሚመስላት። "ጋሼ" "እትዬ" የሚሉትም እንደዛው ናቸው፣ በአፋችሁ ብላችሁ ካላወቃችሁ ካርድ ላይ አትጀምሯቸው። "ወይዘሮ" "ወይዘሪት" የሚለውን ደግሞ ማግባት አለማግባቷን ካላወቃችሁ ተዉት፣ ስሟ ብቻ በቂ ነው።

ጭራሽ አውርታችሁ የማታውቁት ሰው ከሆነስ? ያኔ ሰውየውን የማይጠራ አረፍተ ነገር መስራት ይቻላል። "መልካም ልደት! መጪው አመት የጤናና የደስታ ይሁን።" እዚህ ውስጥ አንተም አንቺም እርስዎም የለም፣ ሆኖም ሙሉ ምኞት ነው። ይሄ በተለይ ኢሜይል ላይ ስሙን ብቻ ለምታውቁት ሰው ይጠቅማል፣ ደስታ የሚባል ወንድም አለ ሴትም አለች፣ ገምታችሁ "አደረሰሽ" ብትሉትና ሰውየው ወንድ ቢሆን መቼም አይረሳውም።

እኔ ግን ሰላም እላታለሁና እርስዎ ይሁን አልኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ ይሄ ነበር፦

"እንኳን ለልደት በዓልዎ በሰላምና በጤና አደረሰዎት። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር እመኝልዎታለሁ።"

ባልደረባዬ ሰምታ "ይሄ እኮ ከመሥሪያ ቤቱ ማኔጅመንት የተላከ ነው የሚመስለው፣ ማህተም ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስህተት የለበትም፣ ግን የትኛዋም ሴት ስም ቢገባበት ይሆናል፣ ላኪውም ማንም ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ የሚያደርገው አክብሮቱ አይደለም፣ እሷም እኔም ውስጡ አለመኖራችን ነው። ይሄን ሳስብ የመጀመሪያው ሰውዬም ጋ የቀዘቀዘው በማጠሩ ሳይሆን በዚሁ እንደሆነ ገባኝ።

ሁለተኛው ላይ ሙቀት ልጨምር ብዬ "ሁሌም ከፊትዎ ፈገግታ የማይጠፋ፣ ለሁላችንም እናት የሆኑ" ብዬ ጀመርኩ። ባልደረባዬ ዝም ብላ አየችኝ። "እናት ሆነውሃል?" አለችኝ። አልሆኑም። ፈገግታውንም ቢሆን በወር ሁለቴ ነው የማየው፣ ሁሌም የሚለውን ከየት አመጣሁት? እዚህ ላይ ነው የሁለተኛዋ ልጅ ሜሴጅ ምን ላይ እንደተበላሸ በደንብ የገባኝ፣ ቃላቱ ከመጠን በላይ ጣፋጭ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ እኔ ስለሷ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆነው ስለሚናገሩ ነው። ሰው ደግሞ ይሄ ወዲያው ነው የሚሰማው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ እኔና እሷ ሁለታችንም የምናውቀው፣ በኛ መሀል በእውነት የሆነ አንድ ነገር ምንድን ነው? ትንሽ ይሁን ግድ የለም። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልመጣልኝም፣ ከዛ ትዝ አለኝ። ከወራት በፊት የመስክ ወጪ ማወራረጃ አስገብቼ አንዱ ገጽ ላይ ፊርማዬን ረስቼ ነበር፣ እና ሰነዱ ቢመለስ በደብዳቤ ዞሮ እስኪመጣ ሳምንት ነው፣ እሷ ግን ስልክ አንስታ ደወለችልኝ፣ "ልጄ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አልፈረምክም፣ ሳትወጣ ብቅ በል" አለችኝ። ሮጬ ወርጄ ፈረምኩ፣ አመሰግናለሁ አልኳት፣ አለቀ። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ስልክ ናት፣ ግን በኛ መሀል ያለችው እሷ ናት፣ ሌላ ሰው ካርዱ ላይ ሊጽፋት አይችልም።

ሦስተኛው ረቂቅ፦

"እንኳን አደረሰዎት። ባለፈው ማወራረጃዬ ላይ ፊርማ ጎድሎ ሳለ ከመመለስ ይልቅ ደውለው አስተካክለውልኝ ስለነበር በጣም አመሰግናለሁ።"

ይሄን እኔ ወድጄው ነበር። ባልደረባዬ ግን "ካርዱን ማን ማን ያነበዋል?" አለችኝ። አለቃዋ ያነበዋል። "ፊርማ ጎድሎ አስተካክለውልኝ" የሚለው ነገሩን ለማያውቅ ሰው ሲነበብ ለኔ ብላ ሥርዓት የጣሰች ሊያስመስላት ይችላል፣ ምንም ያልጣሰች ሴትዮ። ይሄ በፍጹም አልታየኝም ነበር። በካርድ ወይም በግሩፕ የሚጻፍ ምስጋና የሚነበበው በባለልደቷ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ነው የሚያየው፣ ስለዚህ የተደረገላችሁን ውለታ ስትጠቅሱ ያደረገችላችሁን ሰው የሚያስጠይቅ ወይም ሌሎቹ "ለኛስ?" የሚሉት እንዳይሆን ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም ነገሩ ገና ሲጀምር ልደት መሆኑ ቀርቶ የሥራ ሪፖርት ሆኗል፣ ምኞት የለበትም።

ምኞቱን በተመለከተም ብዙ ነገር አውጥቼ መልሼ ጣልኩ። ልጆችዎን ይባርክልዎ እንዳልል ልጆች ይኑሯት አይኑሯት አላውቅም፣ ላታነሳው የምትፈልገው ነገር ሊሆንም ይችላል። ዕድሜ ቆጥሮ መጥቀስ አይሆንም። ስለ መልኳ፣ ስለ አለባበሷ፣ ጭራሽ። "እደግ ተመንደግ" "እደጊ" የሚባለው ምርቃት ደግሞ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው የሚወርደው፣ እኩያ ወይ ታላቅ ባልደረባ ላይ ስትጽፉት ከላይ ሆናችሁ የምትመርቁ ያስመስላችኋል፣ ታናሽ ባልደረባ ላይም ቢሆን ካልተቀራረባችሁ ልጅ ያደርጋታል። የእምነት ነገርም አለ፣ የሷን እምነት ካላወቃችሁ የራሳችሁን የበዓል ወይም የጸሎት ቃል ካርዷ ላይ ከማስገባት "ዕድሜና ጤና" በቂ ነው፣ ወይ ደግሞ "ፈጣሪ" ብትሉ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ይሄን ሁሉ አውጥቶ የሚቀረው ጤና፣ ሰላም፣ ደስታ ነው፣ የተለመደ ነው፣ ይሁን። የግል የሆነው ነገር አንዷ አረፍተ ነገር ውስጥ ስላለ ምኞቱ የተለመደ መሆኑ ምንም አይጎዳውም፣ እንደውም ሁለቱም ልዩ ይሁኑ ብላችሁ ስትታገሉ ነው የሚበዛባችሁ።

በመጨረሻ የጻፍኩት ይሄ ነው፣ ስሟን ከላይ አስቀድሜ፦

"እንኳን ለልደትዎ በሰላም አደረሰዎት። አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት መውጫ ላይ አስበው የደወሉልኝን እስካሁን አልረሳሁትም። መጪው አመት የጤናና የደስታ ይሁንልዎት።"

ሦስት አረፍተ ነገር። ስለምን እንደደወለች አልጻፍኩም፣ እሷ ታውቀዋለች፣ ሌላው ሰው ሲያነበው ደግሞ መልካም ሴትዮ እንደሆነች ብቻ ነው የሚገባው። "አስበው" የምትለዋን ቃል ባልደረባዬ ናት የጨመረችልኝ፣ ያለሷ "የደወሉልኝን አልረሳሁትም" ብቻ ሲሆን ቂም የያዝኩ ይመስል ነበር፣ አንድ ቃል ያን ያህል ይቀይራል።

ከመገልበጤ በፊት ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ የግሶቹን ጫፍ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩ፣ አደረሰዎት፣ የደወሉልኝን፣ ይሁንልዎት፣ ሁሉም እርስዎ ናቸው። ይሄን የምላችሁ ሰው ሳይታወቀው በእርስዎ ጀምሮ "ይሁንልሽ" ብሎ ስለሚጨርስ ነው፣ በተለይ ግማሹን ከሌላ ቦታ ኮፒ ያደረገ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታወቅበት። በቴሌግራም ቢሆን "አደረሶት" ብዬ እንደምናገረው እጽፈው ነበር፣ ካርድ ላይ ግን ሙሉውን ጻፍኩ። ሁለተኛ የስሟን አጻጻፍ። የስሟ መጀመሪያ በሁለት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ የሚችል ነው፣ ኃይሉ እና ሀይሉ፣ ሠላም እና ሰላም እንደሚባለው፣ ካርዱ ላይ ሰዎቹ በሁለቱም ጽፈውታል። የድሮ ሰነድ አውጥቼ እሷ ራሷ ስትፈርም እንዴት እንደምትጽፈው አየሁና እንደዛው አደረግኩ። በደንብ ለማታውቁት ሰው በሁለት ደቂቃ ልታደርጉት የምትችሉት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ስሙን እሱ እንደሚጽፈው መጻፍ።

ምንም ትዝታ የሌላችሁ ሰውስ ቢሆን ብላችሁ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ያያችሁትን ፈልጉ፣ ስብሰባ ላይ የጠየቀው ጥሩ ጥያቄ፣ ጠዋት ሲገባ ጥበቃውን በስሙ ሰላም ማለቱ፣ በዓይናችሁ ያያችሁት ይሁን እንጂ ፌስቡኩ ላይ ገብታችሁ ያገኛችሁት አይሁን፣ የልጁን ፎቶ አይቼ ብላችሁ ብትጽፉ ያስደነግጣል። እሱም ከሌለ ያችን ማንንም የማትጠራዋን አረፍተ ነገር ከስሙ ጋር ጻፉና ተዉት፣ የሌለ ነገር ከመፍጠር ይሻላል። "ብዙ ባንተዋወቅም" ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ እኔም ሞክሬው ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ርቀቱን ነግራችሁ ከዛ እንኳን አደረሰህ ስትሉ ሰላም ከማለት በፊት በር መዝጋት ነው። ግሩፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰላሳ ሰው "ሃፒ በርዝደይ" ካለ በኋላ የናንተም ያው ቢሆን ማንም አይቀየምም፣ ስሙን ብቻ ጨምሩበት። ቀኑ አልፎባችሁ ከሆነም "ዘግይቼም ቢሆን" በቂ ናት፣ ለምን እንደዘገያችሁ ስትዘረዝሩ መልእክቱ ስለናንተ ይሆናል።

ካርዱ ከተሰጣት በኋላ ሁለት ቀን ምንም አልሰማሁም። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ላይ ተገናኘን፣ እንደልማዴ "እንደምን አደሩ" አልኳት፣ አልፋኝ ሄዳ ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመችና ዞራ "ያ ስልክ ትዝ አለህ እንዴ? እኔ እኮ ረስቼው ነበር" አለችኝ። ትዝ ይለኛል አልኳት። ፈገግ አለችና "ግን አንቱ አትበለኝ፣ እኔን አንቱ ያለኝ ቤት ውስጥም የለም" ብላ ወረደች። ከዛ ወዲህ አንቺ ነው የምላት፣ መጀመሪያ አካባቢ አፌ ላይ እየተሳሰረብኝ፣ አሁን ለመድኩት። የሚቀጥለው ልደቷ ሊደርስ ሁለት ወር ነው የቀረው፣ "አደረሰሽ" ብዬ ነው የምጀምረው።